አማካዩ አንድ፣ ክፍሉ ሁለት፦ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ስለ ፈተና ውጤት ምን ይነግረናል?

(ደብረ ብርሃን ላይ፣ ከመንፈቅ ዓመቱ ፈተና በኋላ ለመምህራንና ለወላጆች ከተደረገ ንግግር ወደ ጽሑፍ የመጣ)

እንደምን አመሻችሁ? ብርዱን ችላችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ጋቢ ደርባችሁ የመጣችሁት ብልሆች ናችሁ። እኔ ጃኬቴን አምኜ ነው የወጣሁት፤ ስለዚህ ሳልንቀጠቀጥ ቶሎ ወደ ጉዳዬ ልግባ።

ሁለት የ9ኛ ክፍል ሴክሽኖች አሉ እንበል። አንዱ በጠዋት ፈረቃ ይማራል፣ ሌላው በከሰዓት። ሁለቱም አንድ ዓይነት የሒሳብ ፈተና ተፈተኑ፣ ያረመውም አንድ መምህር ነው። ጥያቄው ከጠዋት ወደ ከሰዓት አልሾለከም እንበል (አትሳቁ፣ ለምሳሌ ያህል ነው)። ውጤቱ ተደመረ፣ ለተማሪው ብዛት ተካፈለ፣ አማካዩ ወጣ። የጠዋቱ 60፣ የከሰዓቱም 60።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ወሬው ያልቃል። ርዕሰ መምህሩ «ሁለቱም እኩል ናቸው» ይላል፣ ሪፖርቱ ላይ 60 እና 60 ተብሎ ይጻፋል፣ ስብሰባው ይበተናል። አሁን ግን ማርኩን ራሱን እንየው። ለሰሌዳ እንዲመቸን ከየክፍሉ 10 ተማሪ ብቻ ነው የወሰድኩት፤ ቁጥሮቹም እኔው ለማሳያ ያዘጋጀኋቸው ናቸው፣ የማንም ልጅ ውጤት አይደሉም።

የጠዋቱ ክፍል፦ 52፣ 55፣ 57፣ 58፣ 60፣ 60፣ 62፣ 63፣ 65፣ 68።

የከሰዓቱ ክፍል፦ 32፣ 36፣ 38፣ 40፣ 44፣ 76፣ 80፣ 82፣ 84፣ 88።

ሁለቱንም ደምሯቸው፣ 600 ይመጣል። ለ10 ሲካፈል 60። አማካዩ አልዋሸም። ግን ጠዋት የሚገባው መምህርና ከሰዓት የሚገባው መምህር አንድ ዓይነት ሥራ ነው ያላቸው? በፍጹም። የጠዋቱ መምህር ሰሌዳ ላይ አንድ ጥያቄ ቢሠራ ክፍሉ በሙሉ አብሮት ይሄዳል። የከሰዓቱ ግን ለግማሹ ሲያስረዳ ሌላው ግማሽ ያዛጋል፣ ለዚያኛው ፈጠን ሲል ደግሞ ይሄኛው ይጠፋበታል።

ይሄንን ልዩነት በአንድ ቁጥር የሚነግረን ነገር ነው ስታንዳርድ ዴቪዬሽን የሚባለው። ስሙን የሰጠው እንግሊዛዊው ካርል ፒርሰን ነው፣ በ1890ዎቹ መጀመሪያ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር። የኛ ተማሪ ስሙን ሲሰማ ይደነግጣል እንጂ ስሌቱ አራቱን መደብና ስኩዌር ሩትን ከማወቅ አያልፍም። አብረን እንሥራው።

መጀመሪያ እያንዳንዱ ተማሪ ከአማካዩ ምን ያህል እንደራቀ እንጠይቃለን። የጠዋቱን እንውሰድ። 52 ያመጣው ልጅ ከ60 በ8 ያንሳል፣ ስለዚህ −8። 55 ያመጣችው −5። ከዚያ −3፣ −2፣ ሁለቱ 60ዎች 0 እና 0፣ ቀጥሎ 2፣ 3፣ 5፣ 8። አሁን የነዚህን ርቀቶች አማካይ ማውጣት ያምረናል አይደል? ሞክሩት። ድምሩ 0 ነው። የከሰዓቱንም ብትሞክሩት 0 ነው የሚመጣው። በአጋጣሚ አይምሰላችሁ። አማካይ ማለት ራሱ ከላይ ያለው ትርፍና ከታች ያለው ጉድለት የሚጣፉበት ነጥብ ስለሆነ፣ የትኛውንም ክፍል ብትወስዱ ርቀቶቹ ከነምልክታቸው ሲደመሩ ዜሮ ይሆናሉ።

ስለዚህ የመቀነስ ምልክቷን ማጥፋት አለብን። የተለመደው መንገድ እያንዳንዱን ርቀት በራሱ ማባዛት ነው። −8 በ−8 ሲባዛ 64፣ −5 በራሱ 25፣ ከዚያ 9፣ 4፣ 0፣ 0፣ 4፣ 9፣ 25፣ 64። ድምሩ 204። ለ10 ስናካፍለው 20.4። ይሄ ቫሪያንስ ይባላል።

ግን 20.4 ምን? ማርኩን በራሱ ስላባዛነው አሁን የያዝነው ቁጥር «ማርክ በማርክ» የሆነ ነገር ነው፣ ለወላጅ ቢነገር ትርጉም የለውም። ወደ ተራ ማርክ ለመመለስ ስኩዌር ሩቱን እናወጣለን። የ20.4 ስኩዌር ሩት 4.5 አካባቢ ነው። ይኸው ነው የጠዋቱ ክፍል ስታንዳርድ ዴቪዬሽን፣ 4.5 ማርክ።

የከሰዓቱን ደግሞ። ርቀቶቹ −28፣ −24፣ −22፣ −20፣ −16፣ ከላይ ደግሞ 16፣ 20፣ 22፣ 24፣ 28። በራሳቸው ሲባዙ 784፣ 576፣ 484፣ 400፣ 256፣ እነዚህ ብቻ 2500 ናቸው። የላይኞቹም ያንኑ ያህል ስለሆኑ በጠቅላላው 5000። ለ10 ሲካፈል 500። ስኩዌር ሩቱ 22.4 ገደማ።

4.5 እና 22.4። አማካዩ «እኩል ናቸው» ያላቸውን ክፍሎች ይሄኛው ቁጥር አምስት እጥፍ አራራቃቸው። ንባቡም ቀላል ነው። በጠዋቱ ክፍል አንድ ተማሪ በደምሳሳው ከ60 የሚርቀው በአራት በአምስት ማርክ ነው። በከሰዓቱ ግን በሃያ ምናምን ማርክ። በደምሳሳው ያልኩት ያለምክንያት አይደለም። ቁጥሩ የርቀቶቹ ቀጥተኛ አማካይ አይደለም። ለጠዋቱ ክፍል ምልክቱን ትተን ርቀቶቹን ብቻ ብንደምርና ብናካፍል 3.6 ነው የሚመጣው፣ 4.5 አይደለም። በራሱ የማባዛት ጣጣ ነው። ርቀቱ ሁለት እጥፍ የሆነ ተማሪ በድምሩ ላይ አራት እጥፍ ይመዝናል፤ ስለዚህ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ራቅ ላሉት ያደላል። ይቺን ያዙልኝ፣ ወደኋላ ትፈለጋለች።

እዚህ ጋ ከፊት የተቀመጡ አንድ አባት እጃቸውን አወጡ። «መምህር፣ ታዲያ የኔ ልጅ 22.4 ነው ወይስ 4.5?» አሉኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ብዙ ሰው በሆዱ ይዞት የሚሄደው ጥያቄ ስለሆነ። ጋሼ፣ አንዱንም አይደለም። የልጅዎ ማርክ የልጅዎ ነው። ይሄ ቁጥር ግን የክፍሉ ነው፤ ስለ አንድ ተማሪ ጎበዝነትም ሆነ ስንፍና የሚለው ነገር የለም። እንደውም ክፍሉ ጎበዝ ይሁን አይሁንም አይናገርም። 95 እና 15 የሚያመጡ ልጆች የተቀላቀሉበት ክፍል ከፍ ያለ ቁጥር ይኖረዋል፤ ሁሉም 20 አካባቢ ያመጡበት ክፍል ደግሞ ዝቅ ያለ። ቁጥሩ ሲያንስ ጥሩ፣ ሲበዛ መጥፎ ብሎ ነገር የለም። መራራቅን ብቻ ነው የሚለካው።

መምህራኑ ይሄንን ከሁሉም በላይ እንድትይዙት የምፈልገው ለዚህ ነው። አንድ ክፍል 4 ወይም 5 ቢመጣ «ተማሪዎቼ ተመጣጥነዋል» ብሎ ደስ ከመሰኘት በፊት አማካዩን ማየት ነው። አማካዩ 94 ከሆነ ፈተናው ቀሎ ሁሉም ጣሪያው ሥር ተጨናንቀዋል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ከ100 በላይ መሄጃ የለማ። አማካዩ 12 ከሆነም እንዲሁ፣ ሁሉም ወለሉ ላይ ተኝተዋል። ሌላም አለ፣ መቼስ ደፍረን እንናገረው። አንድ ክፍል ጠባብ ቁጥር ያመጣው አንድ ወረቀት ከወንበር ወደ ወንበር ስለዞረ ሊሆን ይችላል። ኩረጃን ይሄ ስሌት አይለየውም። የተሳሳተ መልስ ሳይቀር አንድ ዓይነት ከሆነ ግን ወረቀቱን ያረመ ያውቀዋል።

አሁን ወደ ከሰዓቱ ክፍል ልመልሳችሁ፣ ምክንያቱም እዚያ ውስጥ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ብቻውን የማያሳየን ጉድ አለ።

ብዙ ሰው የሚያውቃት ሕግ አለች። ከአማካዩ አንድ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ወደታችና አንድ ወደላይ ብትሄድ 68 ከመቶ የሚሆነውን ተማሪ ታገኛለህ፣ ሁለት ብትሄድ 95 ከመቶውን የምትለዋ። ይቺ ሕግ የምትሠራው ውጤቱ መሃል ላይ በዝቶ ወደ ዳርና ዳር እየሳሳ ሲሄድ፣ የደወል ቅርጽ ሲይዝ ነው። የኛ ክፍሎች ላይ እንሞክራት። ጠዋት፦ ከ60 ላይ 4.5 ሲቀነስ 55.5፣ ሲደመር 64.5። በዚህ መሃል ያሉት 57፣ 58፣ 60፣ 60፣ 62፣ 63 ናቸው። ከ10 ተማሪ 6። ከሰዓት፦ ከ37.6 እስከ 82.4። በዚህ መሃል 38፣ 40፣ 44፣ 76፣ 80፣ 82። እዚህም 6!

እና ቆጠራው ምንም አልለየም። የጠዋቶቹ ስድስት መሃሉን ከበው የተቀመጡ ናቸው። የከሰዓቶቹ ስድስት ግን በሁለቱ ጠርዝ ላይ ናቸው፣ መሃሉ ባዶ ነው። ከ44 እስከ 76 ድረስ አንድም ልጅ የለም። አማካዩ 60 የሆነ ክፍል ውስጥ 60 ያመጣ ቀርቶ 50 ወይም 70 ያመጣ እንኳ የለም።

እኛ ሰሜን ሸዋዎች ይሄ አይጠፋንም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1,300 ገደማ። የሁለቱን አማካይ አውጥቶ «የእነዚህ ከተሞች ሰው በ2,050 ሜትር ላይ ይኖራል፣ ልብሱም ወይና ደጋ ልብስ ይሁን» ያለ ሰው፣ እዚህ ያለውን በብርድ እዚያ ያለውን በሙቀት ይፈጀዋል። ለከሰዓቱ ክፍል «በመካከለኛ ተማሪ ልክ» ትምህርት የሚያዘጋጅ መምህር የሚሠራው ይሄንኑ ነው። መካከለኛው ተማሪ ክፍል ውስጥ የለም።

ታዲያ ባዶውን መሃል በምን እናውቃለን? በዓይን። ሌላ ምሥጢር የለውም። ማርኩን በአሥር በአሥር ከፋፍላችሁ ስንት ልጅ የት እንዳለ በነጥብ ምልክት አድርጉ፤ 30ዎቹ፣ 40ዎቹ፣ 50ዎቹ እያላችሁ። ለ60 ተማሪ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 20 እና ከዚያ በላይ ከመጣ ይሄንን ሳታዩ አትለፉ ነው የምለው። ሰፊ ቁጥር «ተራርቀዋል» ይላል እንጂ እንዴት እንደተራራቁ አይናገርም። ተበታትነው ሊሆን ይችላል፣ ለሁለት ተከፍለው ሊሆን ይችላል። ወይም ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ሩቅ ሄዶ ሊሆን ይችላል።

የመጨረሻዋ ከሁሉም በላይ የምታደናግረው ስለሆነች ትንሽ ልቆይባት። ከቆላ የመጣች አንዲት መምህርት ጠይቃኝ ነበር። «መምህር፣ ያልተፈተነ ልጅ ሮስተሩ ላይ ዜሮ ይገባለታል። እሱስ?» አለችኝ። እንዴ፣ እሱማ ዋናው ነው! የጠዋቱን ክፍል መልሰን እንውሰድና አሥራ አንደኛ ተማሪ እንጨምርበት። ልጁ በፈተናው ቀን ታሞ ቀርቷል፣ ሮስተሩ ላይ 0 ተጽፎለታል። የሌሎቹ የአሥሩ ማርክ ንክች አላለም።

ድምሩ ያው 600 ነው፣ አሁን ግን የሚካፈለው ለ11። አማካዩ 54.5 ሆነ። እሺ፣ አምስት ማርክ ወረደ፣ ያስደነግጣል ግን አይገድልም። ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ ግን ከ4.5 ተነስቶ 17.8 ሆነ። አራት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረው። ምክንያቱን ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ነው። ዜሮ ያገኘው ልጅ ከአማካዩ 54.5 ርቋል፤ በራሱ ሲባዛ 2975 ገደማ ይሆናል። የአሥሩ ልጆች ርቀት ግን ከአዲሱ አማካይ ተለክቶ፣ በራሱ ተባዝቶ ሁሉም ሲደመር 500 ገደማ ብቻ ነው። አንድ ያልተፈተነ ልጅ አሥር የተፈተኑትን ስድስት እጥፍ በለጠ።

አሁን ሪፖርቱ ብቻ የደረሰውን ሰው አስቡት። አንዱ ክፍል 17.8 ይላል፣ ሌላው 22.4። «ሁለቱም በጣም የተራራቁ ክፍሎች ናቸው፣ ለሁለቱም ማጠናከሪያ ትምህርት ይዘጋጅ» ቢል አይፈረድበትም። አንደኛው ክፍል ግን የሚያስፈልገው ማጠናከሪያ ሳይሆን ለአንድ የታመመ ልጅ ፈተናውን መድገም ነው።

ይሄንን ለመያዝ አንድ ቀላል መላ አለ። ማርኩን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድራችሁ መሃል ላይ የሚገኘውን እዩ፣ ሚዲያን የሚባለውን። ለጠዋቱ ክፍል ዜሮው ከመግባቱ በፊት 60 ነው፣ ከገባም በኋላ 60 ነው፣ አልተነቃነቀም። አማካዩ 54.5 ሚዲያኑ 60 ሆኖ ሲራራቁ ስታዩ፣ ታች አንድ ነገር አማካዩን እየጎተተው ነው ማለት ነው። ሄዳችሁ ፈልጉት። ዜሮ ሊሆን ይችላል፣ 65 ለመጻፍ 6 ብቻ የገባበት ቦታ ሊሆን ይችላል።

ኤክሴል የምትጠቀሙ መምህራን ደግሞ ይቺን ልብ በሉ። ማርኩ ከ`B2` እስከ `B12` ካለ የምትጽፉት ይሄ ነው፦

```
=AVERAGE(B2:B12)
=MEDIAN(B2:B12)
=STDEV.P(B2:B12)
```

ቀሪው ልጅ ጋ 0 ከጻፋችሁ ኤክሴል እንደ ማርክ ይቆጥረዋል። ሳጥኑን ባዶ ከተዋችሁት ወይም «ቀሪ» ብላችሁ በፊደል ከጻፋችሁ ግን ይዘለዋል፣ በ10 ተማሪ ብቻ ያሰላል፣ 4.5 ይመልስላችኋል። ደንቡ ዜሮ ይሰጠው የሚል ከሆነ ካርዱ ላይ ዜሮ ይግባ፣ ከዚያ ጋር ጠብ የለኝም። ክፍሉን ለማወቅ ስታሰሉ ግን ያልተፈተነን ሰው ከተፈተኑት ጋር አትደምሩ።

ሌላ `STDEV.S` የሚባልም አለ፣ ካልኩሌተር ላይም ሁለት ቁልፍ የምታዩት ለዚህ ነው። እሱ ለ10 ሳይሆን ለ9፣ ማለትም ከብዛቱ አንድ ቀንሶ ነው የሚያካፍለው። ከብዙ ሕዝብ ጥቂት ናሙና ወስዶ ስለ ሙሉው ለመገመት የተሠራ ነው። እናንተ የራሳችሁን ክፍል በሙሉ ማርክ በእጃችሁ ይዛችኋል፣ ስለዚህ `STDEV.P` ይበቃችኋል። 60 ተማሪ ባለበት ክፍል የሁለቱ ልዩነት አንድ ከመቶ አይሞላም፣ ተሳስታችሁ ብትነኩት ማንም አይሞትም።

አሁን ወደ አንድ የምናውቃት ልማድ። ክፍሉ ዝቅ ሲል «ለሁሉም አምስት አምስት ማርክ ጨምር» ይባላል። የከሰዓቱ ክፍል ላይ ብናደርገው 32 የነበረው 37፣ 88 የነበረው 93 ይሆናል። አማካዩ 65 ሆነ፣ ሪፖርቱ አማረ። ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑስ? ያው 22.4። ሁሉም እኩል ስለተነሳ በልጆቹ መካከል የነበረው ክፍተት አንዲት ማርክ እንኳን አልጠበበም። ታች ያለው ቡድን በእርግጥ ተምሮ ከሆነ ግን እሱ ይነሳል፣ የላይኛው ባለበት ይቆያል፣ ያኔ ቁጥሩ ይወርዳል። ለምሳሌ ታች ያሉት አምስት ልጆች በማጠናከሪያው እያንዳንዳቸው 20 ማርክ ቢያሻሽሉ፣ 52፣ 56፣ 58፣ 60፣ 64 ይሆናሉ፣ የክፍሉ አማካይ 70፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ ደግሞ 12.6 አካባቢ። አማካዩም ወጣ፣ መራራቁም ሊጋመስ ቀረበ። በማርክ ልገሳና በትምህርት መካከል ያለውን ልዩነት ከአማካዩ ብቻ ማየት አይቻልም፤ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ስታስቀምጡ ግን ወለል ብሎ ይታያል።

እንዲህ ስታነጻጽሩ ፈተናዎቹ ከአንድ ነገር የታረሙ ይሁኑ። ከ20 የታረመ ፈተና ላይ 3 የሆነ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ከ100 ላይ ሲቀየር 15 ነው። «በፊት 15 ነበር፣ አሁን 3 ሆነ፣ ተሻሻልን» ብሎ ሪፖርት እንዳይጻፍ።

በመጨረሻ ወላጆችን በቀጥታ የሚመለከተውን ላንሳ፣ ደረጃን። «አንደኛ ወጣ፣ ሦስተኛ ወጣች» የምንለውን። እንደምታውቁት የሁሉም ትምህርት ማርክ ይደመራል፣ ድምሩ የበለጠው ቀድሞ ይሰለፋል። ሁሉም ትምህርት ከ100 ስለሆነ እኩል የሚመዝን ይመስለናል። ግን አይመዝንም።

ለቀላልነት ሁለት ትምህርት ብቻ እንውሰድ፣ ሒሳብና አማርኛ። የሁለቱም አማካይ 60 ነው። ሒሳብ ላይ ተማሪዎቹ ተራርቀዋል፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 20። አማርኛ ላይ ተቀራርበዋል፣ 5። አንዱ ልጅ ሒሳብ 80 አማርኛ 55 አመጣ። ሒሳብ ላይ ከክፍሉ አንድ ሙሉ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ከፍ ብሏል፣ አማርኛ ላይ ደግሞ አንድ ዝቅ ብሏል። ሌላዋ ልጅ የሱ ተቃራኒ ናት። ሒሳብ 40፣ አንድ ዝቅ፤ አማርኛ 65፣ አንድ ከፍ። ከክፍል ጓደኞቻቸው አንጻር ካየናቸው አንዱ በአንዱ በልጦ በሌላው ያንኑ ያህል አንሷል፣ እኩል ናቸው። ድምሩ ግን እሱን 135፣ እሷን 105 ያደርጋቸዋል። ሠላሳ ማርክ! በ60 ተማሪ ክፍል ውስጥ ሠላሳ ማርክ ማለት ብዙ ደረጃ ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ? ሰፊ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ያለው ትምህርት ድምሩን ስለሚጎትተው ነው። አማርኛ ላይ የቱንም ያህል ብትበረታ ከጓደኞቿ የምትለየው በአምስት በአሥር ማርክ ነው፣ ሒሳብ ላይ ግን በሃያ በአርባ። ስለዚህ ማንም ሳይወስን፣ የትኛውም ደንብ ላይ ሳይጻፍ፣ የዚያ ክፍል ደረጃ በአብዛኛው የሒሳብ ደረጃ ሆኖ ቁጭ ይላል። በሌላ ክፍል ደግሞ አጥብቆ በማረሙ ተማሪዎቹን የሚያራርቅ የባዮሎጂ መምህር ካለ፣ በዚያ ክፍል ደረጃውን የሚሰጠው ባዮሎጂ ሊሆን ይችላል።

ይሄንን ማስተካከያው ቀላል ነው። ከተማሪው ማርክ ላይ የትምህርቱን አማካይ ቀንሱ፣ ውጤቱን ለዚያ ትምህርት ስታንዳርድ ዴቪዬሽን አካፍሉ፣ ከዚያ ነው መደመር። የመጀመሪያው ልጅ 1 ሲደመር −1፣ ዜሮ። ሁለተኛዋም ዜሮ። አሁን ሦስተኛ ልጅ ላምጣላችሁ፣ ሒሳብ 64፣ አማርኛ 68 ያመጣች። በተራ ድምር 132 ናት፣ ከመጀመሪያው ልጅ በ3 ማርክ ታንሳለች፣ ከኋላው ትሰለፋለች። በአዲሱ ስሌት ግን ሒሳብ ላይ 4 ለ20 ሲካፈል 0.2፣ አማርኛ ላይ 8 ለ5 ሲካፈል 1.6፣ በድምሩ 1.8። እሱ ዜሮ ላይ ነው። በሁለቱም ትምህርት ከክፍሉ በላይ የሆነችው እሷ ብቻ ናት፣ ተራው ድምር ግን ከኋላ አስቀምጧት ነበር።

«ታዲያ ካርዱን እንቀይረው?» አሉ አንድ ርዕሰ መምህር፣ ፈገግ ብለው። ኧረ የለም፣ ካርዱ የራሱ መመሪያ አለው፣ እኔም ሆንኩ እርስዎ ብቻችንን የምንነካው አይደለም። በዚህ ስሌትም ቢሆን ያ ያልተፈተነው ልጅ ዜሮ አማካዩንም መካፈያውንም ያበላሻል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ሮስተሩን ማጽዳት ይቀድማል። ግን ለጥያቄና መልስ ውድድር አራት ልጅ ስትመርጡ፣ ወይም ለሽልማት ሁለት ልጅ በሦስት ማርክ ተለያይተው ስታገኙ፣ ይቺን ስሌት ከተራው ድምር አጠገብ በእርሳስ ጻፏት። ሁለቱ አንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ከሰጧችሁ ጨረሳችሁ። ካልሰጧችሁ የትኛው ትምህርት ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ከሌሎቹ እንደሰፋ ፈልጉ፣ ከዚያም ያንን ያረመውን መምህር ሻይ እየጠጣችሁ ፈተናውን እንዴት እንዳወጣው ጠይቁት።